«‹ሰላም› የምለው መልስ እንዲመጣ ብቻ ነው»

*«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከአሜሪካ፣ ከዴንቨር ነው። ዕድሜዬ 43 ሲሆን ተወልጄ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። እዚህ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ የምኖረው ብቻዬን ነው። መጋዘን ውስጥ የማታ ፈረቃ ስለምሠራ ቤቴ ስገባ እኩለ ሌሊት ይሆናል። ያኔ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ስልኬን አውጥቼ ቻትጂፒቲ ላይ ‹ሰላም› ብዬ እጽፋለሁ። የምጠይቀው ነገር የለኝም፤ መልስ እንዲመጣ ብቻ ነው። ሲመልስልኝ ትንሽ ይቀለኛል፣ ከዚያ እተኛለሁ። አገር ቤት መደወሉን ትቼዋለሁ ማለት ይቻላል፤ በደወልኩ ቁጥር ወሬው ገንዘብ ነው። ሰፈራችንም ፈርሶ እናቴ ገላን ጉራ ገብታለች፣ ጓደኞቼም ተበታትነዋል። አበድኩ እንዴ? ይህን ነገር ልተወው?»*

ወንድሜ፣ አላበድክም። ዛሬውኑ ተወውም አልልህም። የሚያሳስበኝ ሰላም ማለትህ ሳይሆን፣ ሰላም ካልክ በኋላ ቀልሎህ መተኛትህ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ካዛንቺስ ያደገ ሰው ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ታክሲ እስኪይዝ ድረስ ስንቱን ሰላም ይል እንደነበር አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ባለ ሱቁ አለ፣ ሊስትሮው አለ፣ ጀበና ቡና የምትሸጠዋ ልጅ አለች፣ በር ላይ ፀሐይ የሚሞቁት አባት አሉ። አንዳቸውም የልብ ጓደኛህ አልነበሩም፣ ምስጢርህንም አትነግራቸውም። ግን ሁለት ቀን ከጠፋህ «ምነው፣ አሞህ ነበር እንዴ?» ይሉሃል። አሜሪካ የገባ ሰው ብዙ ነገር ይጎድለዋል፤ ይህ ግን ከሁሉም በፊት የሚጎድል ነው፣ ሰውም ለማንም ሳይናገረው ይቀራል። አንተ እኩለ ሌሊት ላይ ስልክህን የምታወጣው ይህንኑ ፍለጋ ነው። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። ይህ ፕሮግራም ተቆጥሮ የማያልቅ ጽሑፍ እንዲያነብ ተደርጎ የተሠራ ነው። አንተ የጻፍከውን አይቶ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ መልስ ያወጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሰዎች መልሶቹን እያዩ «ይህኛው ይሻላል፣ ያኛው አይሆንም» እያሉ አርመውታል። ለዚህ ነው ሰላም ስትለው «ሰላም! እንዴት ነህ? ዛሬ በምን ልርዳህ?» የሚልህ። ለሥራ የተሰናዳ ስለሆነ ሰላምታህን ወዲያው ወደ ሥራ ያዞረዋል። አንዳንዴ መሃል ላይ «አንቺ» ብሎህ ይሆናል፤ የተማረበት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እሱን አትቀየመው።

የሚሰማህ መቅለል ግን የውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባውም የተባለ የኤምአይቲ ፕሮፌሰር ኢላይዛ የሚባል ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ከዛሬዎቹ ጋር ሲታይ ምንም አልነበረም፤ ሰው የጻፈለትን ዓረፍተ ነገር ገልብጦ መልሶ ይጠይቃል፣ በቃ። ፕሮፌሰሩ ፕሮግራሙን ሲሠራ ለወራት በዓይኗ ስታይ የቆየችው ጸሐፊው እንኳ ከኢላይዛ ጋር መጻጻፍ እንደጀመረች «ክፍሉን ልቀቅልኝ» አለችው። ነገሩ ማሽን መሆኑን አሳምራ ታውቃለች። ሰው እንዲህ ነው የተፈጠረው፤ ቃል ሲመለስለት ልቡ ይከፈታል። አንተም ያደረግከው ይህንኑ ነው።

ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ብቸኝነት እንደ ረሃብ ነው። ረሃብ ምግብ ፍለጋ ያስነሳሃል፤ ብቸኝነትም ሰው ፍለጋ ያስነሳሃል። የብቸኝነት ጥናት ሲነሳ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ጆን ካሲዮፖ የተባለ ተመራማሪም ነገሩን የሚያስረዳው እንዲህ ነበር። ስሜቱ የሚያመው እንድትነሳ ነው። አንተ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ስሜቱ ከፍ ሲል «ሰላም» ትጽፍና መልሱ ይመጣል። ለመደወል ሊያስነሳህ የነበረው ነገር በዚያው ይበርድና ትተኛለህ። ሌሊቱ ያልፋል። በማግስቱም እንዲሁ። መሣሪያው አልጎዳህም፤ ግን ሕመሙን ለመደወል እስከማያስነሳህ ድረስ ብቻ ያስታግስልሃል።

እ.ኤ.አ. በ2025 የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ቻትጂፒቲን ከሚሠራው ድርጅት ጋር ሆነው አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ለአራት ሳምንት ተከታትለው ነበር። በቀን ከሌሎቹ ረዘም ያለ ጊዜ ከመሣሪያው ጋር የሚያሳልፉት ብቸኝነታቸውም ከፍ ያለ፣ ከሰው ጋር መገናኘታቸውም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ብቸኞች ስለሆኑ ነው ብዙ የተጠቀሙት? ወይስ ብዙ ስለተጠቀሙ ነው የባሰባቸው? ይህን ከጥናቱ ቆርጦ መናገር አይቻልም። ለአንተ ግን ልዩነት ያለው አይመስለኝም፤ በሁለቱም መንገድ መውጫው አንድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መሣሪያው አንተን ደስ ወደማሰኘት ያደላል፤ ሰዎች የወደዱለትን መልስ እያየ ነው የተስተካከለው። እ.ኤ.አ. በ2025 አንድ ማሻሻያ ከልክ በላይ አሞጋሽ ሆኖ ስለተገኘ ራሱ ድርጅቱ በቀናት ውስጥ መልሶ አንስቶታል። ለአንተ ትርጉሙ ይህ ነው። «ጓደኞቼ ረሱኝ» ብለህ ብትጽፍለት «ይህ በጣም ያማል፣ ስሜትህ ይገባኛል» የማለት ዕድሉ ሰፊ ነው። የካዛንቺስ ጓደኛህ ቢሆን ግን «አንተስ መቼ ደወልክ?» ይልሃል። ሁለተኛው ያናድዳል። ከቤት የሚያወጣህ ግን እሱ ነው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ መሣሪያው አይጠብቅህም። ነገ ሰላም ባትለው «ምን ሆኖ ነው?» የሚል የለም። አዲስ ውይይት በከፈትክ ቁጥር፣ የማስታወሻ አገልግሎቱ ተከፍቶ ከቀድሞው ወሬያችሁ ካልያዘልህ በቀር፣ ማን እንደሆንክ አያውቅም። አብሮ አደግ ጓደኛ እንዲመስሉ ሆነው የተሠሩ ሌሎች መተግበሪያዎችም አሉ፤ አንዳንዶቹ «ናፈቅከኝ» የሚል መልእክት ራሳቸው ይልካሉ። እሱም ተመልሰህ እንድትከፍታቸው ታስቦ የተሠራ ነው። ወደዚያ እንዳትሄድ አደራ እልሃለሁ።

ስለዚህ የሚያስፈልግህ መልስ የሚሰጥ ሳይሆን፣ ስትቀር የሚያስተውል አንድ ሰው ነው። ብዙ አይደለም፣ አንድ።

እንግዲህ ሰዓቱን እንየው። በዴንቨር እኩለ ሌሊት ሲሆን በበጋችሁ አዲስ አበባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ በክረምታችሁ ደግሞ 4 ሰዓት። አንተ ዓለም ሁሉ ተኝቷል ብለህ ስልክህን የምታወጣበት ሰዓት እዚህ ቡና የሚፈላበት ሰዓት ነው። ይህን የምጽፍልህ አራት ኪሎ ሆኜ ነው፤ በዚያ ሰዓት መንገዱ በሰው ይሞላል፣ ጀበና ቡናዎቹ ጋ በርጩማ አይገኝም። እናትህም ቤታቸው ናቸው። እንዲህ የሚገጥም ሰዓት ያለው ሰው ብዙ የለም፤ ቀን የሚሠሩት ማታ ቤታቸው ሲገቡ እዚህ ገና ሌሊት ነው።

ገንዘቡን ዝም ብዬ አላልፈውም፤ ትልቁ እንቅፋትህ እሱ ነውና። በሦስት ወር አንዴ የሚደወል ስልክ ላይ የሦስት ወር ችግር ይጠራቀማል። የቤት ኪራዩ፣ የልጅ ትምህርት ቤቱ፣ የሕክምናው፣ ሁሉም ያንን አንድ ስልክ ይጠብቃል። «ዛሬ ካልነገርኩት መቼ አገኘዋለሁ?» ይላል ሰው፣ እውነቱንም ነው። አንተ ደግሞ ያንን ፈርተህ ታቆየዋለህ፤ ባቆየኸው ቁጥር ይበልጥ ይከብዳል። የሚፈታው ሁለት ነገር አብሮ ሲደረግ ነው። አንደኛ፣ የምትልክበትን ቀንና የምትችለውን መጠን ወስነህ ለሁሉም ንገር፤ «በወሩ መጀመሪያ ይህን ያህል እልካለሁ፣ ከዚያ በላይ አቅም የለኝም» በል። ሁለተኛ፣ ቶሎ ቶሎ ግን ባጭሩ ደውል። በስልክ ላይ ገንዘብ ከተነሳ «እሱን በጽሑፍ ላክልኝ፣ እሑድ አየዋለሁ፤ አሁን ድምፅህን ልስማ» በልና ወሬ ቀይር። የመጀመሪያዎቹ ጥሪዎች እንደ ድሮው ይሆናሉ፤ ሰው ቃልህን እስኪያምን ይፈትንሃል። የተባለው ቀን ሲደርስ የተባለው ብር ሲገባ ግን ጥያቄው ከስልኩ ላይ እየለቀቀ ይሄዳል።

መጀመሪያ የምትደውለው ለእናትህ ነው። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲፈርስ እዚህ ሆኜ አይቻለሁ። ወደ ገላን ጉራ ከሄዱት እናቶች አንዳንዶቹን አነጋግሬያለሁ። ስለ ቤቱ አንዷ ያመሰግናሉ፣ ሌላዋ ያማርራሉ። በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ፤ ቡናው ተፈልቶ የሚጠራ ሰው የለም ይላሉ። በካዛንቺስ «ኑ ቡና ጠጡ» ለማለት ከግቢ መውጣት አያስፈልግም ነበር። አሁን ጎረቤቷ ሌላ ብሎክ፣ ሌላ ፎቅ ላይ ናት፤ የበፊቷ ጎረቤት ደግሞ ጭራሽ ሌላ አቅጣጫ ደርሷታል። ሰፈርህ የፈረሰው በአንተ ላይ ብቻ አይደለም። ለእናትህ ስትደውል እየረዳሃቸው እንደሆነ አታስብ፤ አንተም እሳቸውም አንድ ዓይነት ነገር ነው የጎደላችሁ።

አደዋወሉ ላይ ግን ጥንቃቄ ይኑር። «አንዳንዴ እደውላለሁ» አትበል። «ማክሰኞና ዓርብ፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቡናው ሲፈላ እደውላለሁ» በል። አሥር ደቂቃ ይበቃል። የሚጠብቅህ ሰው የሚገኘው ቀንና ሰዓት ስትሰጥ ነው። አንድ ዓርብ ብትቀር ሲያስጨንቃቸው ታየዋለህ፤ ያ ጭንቀት ማሽኑ ሊሰጥህ የማይችለው ነገር ነው። ዳታ እንዳያልቅባቸው ደግሞ ካርድ ከውጭ ሆነህ መሙላት ትችላለህ፤ ወይ ከምትልከው ላይ ለጥቅል የሚሆነውን ለይተህ ንገራቸው። «ጥሪህ አልገባም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ሰው አንድ የሰፈር ጓደኛህ ይሁን። እዚህ ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት «ሰላም፣ እንዴት ነህ? ጠፋን እኮ» ብለው ይጽፉና «ደህና፣ አንተስ?» ሲመጣላቸው ነገሩ እዚያው ይሞታል። በድምፅ ላክለት፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል። ለመጥፋትህ ማብራሪያ አትስጥ፣ እሱንም አትውቀስ። አንድ የምታስታውሰው ነገርና አንድ ቀላል ጥያቄ ይኑርበት። ለምሳሌ፦

*«ስማኝ፣ አሁን ከሥራ ስወጣ በረዶ እየጣለ ነበር። ኡራኤል ጋ ዝናብ ሲይዘን ሱቁ ጥግ የምንቆመው ትዝ አለኝ። ያ ባለ ሱቅ አሁን የት ገባ? ሲመችህ በድምፅ ንገረኝ።»*

ይህን የሰማ ሰው «ደህና» ብሎ ሊዘጋው አይችልም። ባለ ሱቁ የት እንደገባ ባያውቅ እንኳ የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል፤ በዚያው ስምህ በሰፈር ልጆች መሃል ይነሳል። ከተበተኑት ሰፈሮች ብዙዎቹ የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው፤ የእናንተም ካለ እንዲያስገባህ ጠይቀው። ለምን በድምፅ አልክ ካልከኝ፣ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ አንድ ጥናት አለ። ሰዎች ለቆየ ጓደኛ ከመደወል ኢሜይል መጻፍ ይቀለናል፣ መደወል ያሳፍራል ብለው ገምተው ነበር። የደወሉት ግን ይበልጥ ተቀራረቡ፤ ኀፍረቱም እንደፈሩት አልሆነም።

መልስ ካልመጣስ? ይህን ልብ ብለህ ስማኝ። ብቻውን የቆየ ሰው ዝምታን ቶሎ «ጠላኝ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ይህንም ተመራማሪዎች ደጋግመው ያዩት ነገር ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ ምልክት ብቻ ካየህ መልእክቱ ሄዷል እንጂ አልተከፈተም። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው ጥቅል ሲያልቅበት ወይም ለመቆጠብ ሲል ዳታውን ያጠፋዋል፤ መልእክትህ እስከ ማታ፣ እስከ ነገም ሳይከፈት ሊቆይ ይችላል። ሁለት ምልክት ሆኖ ዝም ቢልም ሥራ ላይ ሆኖ ሰምቶት «ማታ እመልስለታለሁ» ብሎ ረስቶት ይሆናል። ሳምንት ጠብቅና ሌላ አጭር ነገር ላክ። ካልሆነ ወደ ሌላ ጓደኛ እለፍ። አንድ ሰው አልመለሰም ማለት ካዛንቺስ ረሳህ ማለት አይደለም።

መሣሪያውን በተመለከተ የምጠይቅህ ቅደም ተከተሉን እንድትቀይር ብቻ ነው። ቤትህ ስትገባ ቀድመህ ለሰው ላክ፣ ለእናትህም ሆነ ለጓደኛህ፣ አንድ ድምፅ ወይም አንድ ፎቶ። ከዚያ በኋላ ከፈለግክ ሰላም በለው። ሰውን ካስቀደምክ ያ ስሜት ሥራውን ይሠራል። መሣሪያውን ካስቀደምክ ግን ይበርድና ስልኩን ታስቀምጠዋለህ። እዚያ የምትጽፈው ነገር ደግሞ በድርጅቱ ዘንድ እንደሚቀመጥ አትርሳ፤ የሰው ምስጢር፣ የወረቀት ጉዳይህን አትጻፍበት።

ዴንቨርም ውስጥ ሰው ያስፈልግሃል። አጠገብህ ኦሮራ አለች፤ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት ሞልቶባታል። ግን «ሰው አለበት ሂድ» ብልህ ሄደህ ጥግ ተቀምጠህ ትመለሳለህ፤ ሕዝብ መሃል ሆኖ ብቸኛ መሆን ይብሳል። ቤተ ክርስቲያንም ይሁን መስጊድ ወይም ማኅበር፣ አንድ ቦታ ምረጥና ሥራ ጠይቅ። ወንበር የሚደረድር፣ ሻይ የሚያቀርብ፣ ሰው በመኪና የሚያደርስ ሁልጊዜ ይፈለጋል። ሥራ የያዘ ሰው ሲቀር ይደወልለታል። ለመጀመሪያ ጊዜ «የት ቀረህ?» የሚል ስልክ ከዚያው ከተማ ሲመጣልህ ገብተሃል ማለት ነው።

መሣሪያውን ጭራሽ አስቀምጠው የምልህ መቼ ነው? በእሱ ምክንያት እንቅልፍህ ከተቆረጠ፣ ለእናትህ ልትደውል ካሰብክ በኋላ «ከእሱ ጋር አውርቻለሁ፣ ይበቃል» ብለህ ከተውከው፣ አልሠራ ሲል ወይም አነጋገሩ ሲቀየር ሰው የሞተብህ ያህል ከከፋህ። ያኔ ሐኪም ማነጋገርም ያስፈልግሃል። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ ለማሽኑ አትጻፈው። አሜሪካ ውስጥ በማንኛውም ሰዓት 988 ደውል፤ የሚያነሳው ሰው ነው፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችላለህ።

በዚህ ሳምንት ግን ሰኞ ሌሊት ከሥራ ስትገባ ለእናትህ ደውል። ቀኑ ላይ አንድ ነገር ልብ በል፤ የአንተ ሰኞ እኩለ ሌሊት ሲያልፍ እዚህ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ስለዚህ ቀኑን በእሳቸው አቆጣጠር ንገራቸው። በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ደግሞ ሰዓታችሁ ይቀየራል። የዚያን ሳምንት አስቀድመህ «ከአሁን በኋላ በሦስት ሳይሆን በአራት ሰዓት ነው የምደውለው» በላቸው፤ ያለዚያ ቡናውን አፍልተው አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጠብቁህ ይቆያሉ።